በተበላ የወፍጮ ዘንግ ላይ ቡሽ አሙቆ ማጥለቅ

ከሐይቅ የመጣው የወፍጮ ባለቤት ዘንጉን በጆንያ ጠቅልሎ ደሴ ወዳለው ቶርኖ ቤታችን ገባ። ኩሽኔታው የሚቀመጥበት ቦታ 60 ሚሊሜትር መሆን ሲገባው ተበልቶ 59.6 ደርሷል። ኩሽኔታው ከዘንጉ ጋር መዞሩን ትቶ በዘንጉ ላይ መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው።

«በብየዳ ሙላልኝና ልሂድ፤ የሰው ማሽላ ተከምሮ ይጠብቀኛል» አለኝ።

«አብሽር፣ ነገ ጠዋት ትወስደዋለህ» አልኩት። በብየዳ ግን አልሞላሁትም። የብየዳ ሙቀት ዘንግ ያጣምማል፤ የተጣመመ ዘንግ ደግሞ አዲሱንም ኩሽኔታ ይበላል። የሚሻለው የተበላውን ቦታ ቀንሶ፣ ከብረት የተሠራ ቀለበት መሰል ቡሽ አሙቆ ማጥለቅ ነው። ቡሹ ሲቀዘቅዝ ይጠብና ዘንጉን አንቆ ይይዘዋል። ያለ ቁልፍ፣ ያለ ብየዳ፣ ያለ ማጣበቂያ።

መጀመሪያ የተበላውን ቦታ በቶርኖ ወደ 50 ሚሊሜትር አወረድሁት። ቀጥሎ ከተራ ለስላሳ ብረት 40 ሚሊሜትር የሚረዝም ቡሽ አወጣሁ። የውጭ ዲያሜትሩን 61 አድርጌ ተውሁት፤ ምክንያቱን በኋላ እናየዋለን። ወሳኙ የውስጥ ቀዳዳው ነው። ቀዳዳው ከዘንጉ በ0.05 ሚሊሜትር እንዲጠብ፣ ማለትም 49.95 እንዲሆን አደረግሁት። ይህችን ልዩነት ጥበት እንበላት። ከዲያሜትሩ አንድ ሺህኛ ናት፤ ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የተለመደች መነሻ ናት።

ሁለቱም ሲለኩ እኩል መቀዝቀዝ አለባቸው። አሁን ከቶርኖ የወረደ ዘንግ ከክፍሉ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ዲያሜትሩ በ0.012 ሚሊሜትር ያብጣል፤ ይህ የጥበቱ ሩብ ያህል ነው። እኔ ዘንጉንና ቡሹን ጎን ለጎን አስቀምጬ ቡና እጠጣለሁ፤ ከሦስተኛው ስኒ በኋላ በማይክሮሜትር እለካለሁ። የቶርኖው ስለት የሚተወውን ሸካራነትም አትርሱ። ሲጠብቅ የሸካራው ፊት ጥቃቅን ጫፎች ስለሚጨፈለቁ፣ ፊቱ ሻካራ ከሆነ ጥበቱ በአንድ መቶኛ ሚሊሜትር ገደማ ይጠፋል። ስለዚህ በመጨረሻው ቁርጥ ስለቱን በቀስታ እያስኬዳችሁ ፊቱን አለስልሱት።

ይህ ጥበት ምን ያህል ግፊት ይፈጥራል? ዘንጉ ድፍን ከሆነና ሁለቱም አንድ ዓይነት ብረት ከሆኑ ሒሳቡ አጭር ነው፦

```
p = (E × δ / d) × (D² − d²) / (2 × D²)
```

E ብረቱ መለጠጥን የሚቋቋምበት ልክ ሲሆን 200,000 ሜጋፓስካል ነው። δ ጥበቱ 0.05፣ d መጋጠሚያው 50፣ D የውጭ ዲያሜትሩ 60 ነው። የመጀመሪያው ቅንፍ 200 ይሰጣል፤ ሁለተኛው ክፍል 0.153 ነው። ሲባዙ የመጋጠሚያው ግፊት 30.6 ሜጋፓስካል ይሆናል።

ዘንጉ ከየአቅጣጫው እኩል ስለሚጨመቅ በዚህ ብዙም አይጎዳም፤ በውስጡ ያለው 30.6 ጭመቃ ብቻ ነው። የሚጨነቀው ቡሹ ነው። እንደ በርሜል ቀለበት ዙሪያውን ይለጠጣል፦ በውስጥ ፊቱ 169፣ በውጭ ፊቱ 139 ሜጋፓስካል። በውስጥ ፊቱ ላይ መለጠጡ ከነጭመቃው ተደምሮ 200 ይደርሳል። ይህ ቁጥር ከላይ ካለው የመጀመሪያ ቅንፍ ጋር አንድ መሆኑን ልብ በሉ፤ የተገጣጠመው በአጋጣሚ አይደለም። በድፍን ዘንግ ላይ ቡሹን የሚያስጨንቀው ውጥረት የሚወሰነው በጥበቱና በዲያሜትሩ ብቻ ነው። ቡሹን ብታወፍሩት የሚጨምረው የመያዝ ግፊቱ ነው፤ ይህ ጭንቀት ግን አይቀንስም።

ለስላሳ ብረት በ250 ሜጋፓስካል አካባቢ ተለጥጦ መመለስ ያቆማል። ስለዚህ በ50 ሚሊሜትር ዘንግ ላይ ጥበቱ ከ0.06 በላይ ቢሆን ቡሹ ከውስጥ በኩል መለቀቅ ይጀምራል። ይህን የተማርሁት በኪሳራ ነው። በሙያው አዲስ ሳለሁ «ይበልጥ ሲጠብ ይበልጥ ይይዛል» ብዬ 0.10 ሰጠሁት። በሒሳቡ 400 ሜጋፓስካል መሆኑ ነው። ቡሹ በደንብ ገባ፤ ደንበኛውም ደስ ብሎት ሄደ። ከወራት በኋላ ቀይ ትቢያ በቡሹ ጠርዝ ዙሪያ ታየ። ቆርጬ ሳወጣው ቀዳዳው ከሠራሁት ልክ ሰፍቶ አገኘሁት። ያ ቀይ ትቢያ ሁለት ብረቶች በጥቂቱ እየተፋተጉ የሚያወጡት ዝገት ነው፤ የላላ መጋጠሚያን ከሁሉ አስቀድሞ የሚናገረው እሱ ነው።

አሁን ማሞቅ። ቡሹ ጥበቱን አልፎ 0.05 ክፍተት እንዲያገኝ በድምሩ 0.10 ማበጥ አለበት። ብረት በአንድ ዲግሪ በሚሊዮን 12 ያህል ስለሚያብጥ፣ ለ50 ሚሊሜትር የሚያስፈልገው ጭማሪ 167 ዲግሪ ነው። ክፍሉ 20 ከሆነ ወደ 190 ማድረስ ማለት ነው፤ እኔ 200 አደርሰዋለሁ። የፈላ ውሃ ይበቃል የሚሉ አሉ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ቡሹም በ0.043 ብቻ ያብጣል። ጥበቱን እንኳ አይሸፍንም። በቆላ ያለ ሰውም ቢሆን ውሃ አይበቃውም። የተቃጠለ ዘይትን ደግሞ በዚህ ሙቀት አታስቡት፤ ሊቀጣጠል ይችላል።

እኔ የምጠቀመው እንጀራ የማይጋገርበት አሮጌ የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ቡሹን መካከል አቁሜ እከድነዋለሁ፤ አንዱ ጫፍ ብቻ እንዳይሞቅ አንድ ሁለት ጊዜ እገለብጠዋለሁ። ቴርሞሜትር ከሌለ የሬዲዮ ጠጋኝ የሚጠቀምበትን፣ 60 በመቶ ቆርቆሮ ያለበትን የእርሳስ ሽቦ በላይኛው ጠርዝ ላይ ንኩት። በ190 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። ብረቱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ 300 ገደማ ደርሷልና ከልክ አልፏል።

ማጥለቁ የሰከንዶች ሥራ ነው። ዘንጉ በቁሙ ተይዞ፣ ጠርዙ ተሞርዶ፣ ፊቱ ተጠርጎ ይጠብቅ። በወፍራም ጓንት ቡሹን አንሥታችሁ በአንድ እንቅስቃሴ እስከ ዘንጉ ትከሻ አውርዱት። ካቆማችሁ ቀጭኑ ቡሽ ሙቀቱን ለዘንጉ ሰጥቶ መሃል ላይ ይቀራል፤ ከዚያ ወዲያ መዶሻ አያወርደውም፤ ቆርጦ አዲስ መሥራት ነው። ደርሶም ቢሆን ወዲያው አትልቀቁት። በርዝመቱም ስለሚኮማተር ከትከሻው ይሸሻል፤ እስኪይዝ ድረስ ተጭናችሁ ቆዩ። በኋላ 0.05 መለኪያ ቅጠል በትከሻው በኩል ከገባ ቦታውን አላገኘም።

61 ያልሁት ለዚህ ነው፦ ቡሹ ሲጠብቅ የውጭ ዲያሜትሩ በ0.04 ገደማ ይጨምራል። አስቀድማችሁ በኩሽኔታው ልክ ከጨረሳችሁት ኩሽኔታው አይገባም። ስለዚህ ዘንጉ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ወደ ቶርኖ ተመልሶ ለኩሽኔታው ልክ ይጨረሳል።

ይህ መጋጠሚያ ምን ያህል ይይዛል? የመፋተግ ልኩን 0.12 ብንወስድ ወደ 575 ኒውተን ሜትር የሚደርስ ጉልበት ሳይንሸራተት ይቋቋማል። የሐይቁ ወፍጮ 15 ኪሎዋት ሞተር አለው፤ ዘንጉ በደቂቃ 600 ጊዜ ይዞራል፤ የሚያስተላልፈውም ጉልበት 240 አካባቢ ነው። ኩሽኔታው ድንገት ቢነክስ እንኳ ቡሹ አይለቅም። በዚያ ቦታ ፑሊ የሚቀመጥ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ቀጭን ቡሽ አልሠራለትም ነበር፤ የቁልፍ መንገድ ሲቆረጥበት ዙሪያውን የያዘው ውጥረት ይቋረጣልና።

በማግሥቱ ጠዋት ባለቤቱ ዘንጉን አዙሮ አዙሮ አየው። መጋጠሚያውን በጥፍሩ ፈልጎ አጣው፤ «ቡሹ የት አለ?» ሲል ጠየቀኝ።