በሶላር ፓነል አጠቃቀም ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ገጠር የሚኖር አንድ ቤተሰብ 100 ዋት ፓነል፣ 12 ቮልት ባትሪ፣ የባትሪ መሙያ መቆጣጠሪያ እና አነስተኛ ኢንቨርተር ገዛ እንበል። ዕቃዎቹ ጤነኛ ሆነው ሳለ መብራቱ ገና በጊዜ የሚጠፋ ከሆነ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከሚከተሉት ስህተቶች በአንዱ ውስጥ ይገኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ፓነሉን የሚያሠራው የፀሐይ ሙቀት ነው ብሎ ማሰብ ነው። ፓነሉ የሚገነባው ከሲሊከን ሴሎች ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሴል ጠባያቸው የተለያየ ሁለት ስስ ንጣፎች አሉት፤ ንጣፎቹ በሚገናኙበት ቦታም የኤሌክትሪክ መስክ ይፈጠራል። ብርሃን ሲሊከኑ ላይ ሲያርፍ ኤሌክትሮኖችን ከቦታቸው ያላቅቃል፤ መስኩም ወደ አንድ ወገን ይገፋቸዋል፤ ሽቦ ሲገናኝላቸው ጅረት ሆነው ይፈስሳሉ። ሙቀት በዚህ ሥራ ውስጥ ጎጂ እንጂ ረዳት አይደለም። የሴሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲያልፍ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ 0.4 በመቶ ያህል ኃይል ይቀንሳል፤ ስለዚህ 60 ዲግሪ የደረሰ ባለ 100 ዋት ፓነል በጠራራ ፀሐይ እንኳ የሚሰጠው 86 ዋት ገደማ ነው። ፓነሉን ከቆርቆሮው ጋር አጣብቆ መምታት የማይመከረውም ለዚህ ነው፤ ነፋስ እንዲያልፍበት ከሥሩ አንድ ስንዝር ያህል ክፍተት ሊተውለት ይገባል።

ሁለተኛው ስህተት ጥላን መናቅ ነው፤ በእኔ ግምት ከሁሉም የከፋው ይኸው ነው። አንድ ሴል የሚሰጠው ግማሽ ቮልት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ በዚህ ዓይነት ፓነል ውስጥ 36 ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው በሥራ ላይ 18 ቮልት ገደማ ይፈጥራሉ። በተከታታይ በመያያዛቸው ጅረቱ በሁሉም ውስጥ ማለፍ አለበት፤ አንዱ ሴል ሲጋረድ የሌሎቹም መንገድ ይዘጋል፤ የተጋረደውም ሴል ከማመንጨት ይልቅ የሌሎቹን ኃይል እየበላ ይግላል። ይህን ለመከላከል ከፓነሉ ጀርባ ባለው ሳጥን ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዳዮዶች ይገጠማሉ፤ እያንዳንዱ ዳዮድ 18 ሴሎችን ዘልሎ ጅረቱን ያሳልፋል። ሆኖም ግማሹ ፓነል ሲዘለል የሚቀረው 9 ቮልት ስለሆነ 12 ቮልት ባትሪ ውስጥ ሊገባ አይችልም። ስለዚህ አንድ ሴል የሚሸፍን የባሕር ዛፍ ቅጠል ወይም የአንቴና ብረት ጥላ፣ የፓነሉን አንድ ሠላሳ ስድስተኛ ብቻ ቢነካም፣ የባትሪውን ምግብ ሊያቋርጥ ይችላል። ከመትከል በፊት ጥላው ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ የት እንደሚያርፍ በዓይን መከታተል ያስፈልጋል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዘው ፓነልን በቮልት ብቻ መፈተን ነው። ሻጩ ቴስተሩን አገናኝቶ 21 ቮልት ሲያሳይ ገዢው ይረካል፤ ነገር ግን ምንም ነገር ያልተያያዘበት ፓነል በደመናም ቢሆን ከዚህ ብዙ ያልራቀ ቮልት ያሳያል። ከብርሃኑ ጋር አብሮ የሚወርደውና የሚወጣው አምፔሩ ነው። ጤነኛ ባለ 100 ዋት ፓነል በቀትር ፀሐይ ከ5 አምፔር በላይ መስጠት አለበት፤ በጠራ ሰማይ 2 አምፔር ብቻ ካሳየ ጥላ፣ አቧራ ወይም የተሰነጠቀ ሴል አለበት ማለት ነው።

ሌላው ስህተት 100 ዋትን እንደ ዕለት ምርት መቁጠር ነው። ቁጥሩ የሚያመለክተው ሙሉ ፀሐይ ባለበት ቅጽበት የሚገኘውን ከፍተኛ ኃይል ነው። የቀኑ ብርሃን ተጠቃሎ ከ5 ሰዓት ተኩል ሙሉ ፀሐይ ጋር እኩል ቢሆን 550 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ሙቀት፣ ሽቦና ባትሪ የሚበሉት ሲቀነስ 385 ያህል ይተርፋል። አራት ባለ 5 ዋት አምፖሎች ለ5 ሰዓት 100፣ ባለ 30 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት 120 ዋት-ሰዓት ይፈጃሉ፤ ስልኮችም ተጨምረው ሒሳቡ ይበቃል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን 3,500 ዋት ገደማ ስለሚስብ፣ የአንድ ሰዓት ጋገራ የዘጠኝ ቀን ምርት ይጨርሳል፤ አነስተኛው ኢንቨርተርም ይህን ጭነት አይችለውም።

ኢንቨርተሩ ራሱ የተረሳ በላተኛ ነው። ሥራው የባትሪውን 12 ቮልት ቀጥተኛ ጅረት ወደ 220 ቮልት ተለዋዋጭ ጅረት መቀየር ነው፤ ምንም ሳይሰካበት እንኳ ለራሱ 8 ዋት ያህል የሚወስድ ከሆነ፣ ቀንና ሌሊት በርቶ ሲውል ወደ 190 ዋት-ሰዓት፣ ማለትም የምርቱን ግማሽ ያህል ይጨርሳል። ስለዚህ አምፖሎቹን በ12 ቮልት በቀጥታ ከመቆጣጠሪያው ማብራት፣ ኢንቨርተሩን ደግሞ ቴሌቪዥን ሲከፈት ብቻ ማስነሳት ይሻላል።