ለዓመታት የያዙትን የድንበር ቁራጭ መሬት በእንግሊዝ አገር በስም ለማስመዝገብ

በእንግሊዝ ከተሞች ቤት የገዛ ሰው ከብዙ ዓመታት በኋላ ቀያሽ አስመጥቶ ሲያስለካ፣ የጓሮው አንድ ጠርዝ በጎረቤቱ ስም የተመዘገበ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል። አጥሩ ቤቱን ሲገዛም እዚያው ነበር፤ ሣሩን ሲያጭድና ዛፉን ሲገርዝ የኖረውም እርሱ ነው። የእንግሊዝና የዌልስ ሕግ የሌላ ሰው መሬትን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለረጅም ጊዜ የያዘ ሰው፣ የተወሰኑ ሁኔታዎች ሲሟሉ፣ መሬቱን በስሙ እንዲያስመዘግብ ይፈቅድለታል። ይህ ጽሑፍ ያንን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያሳያል። ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ከዚህ የሚነገረውን ወደ ኢትዮጵያ ይዞ መሄድ አይቻልም። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1168 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ይዞ ለ15 ተከታታይ ዓመታት ግብሩን የከፈለ ሰው ባለሀብት ይሆናል የሚል ድንጋጌ አለው፤ ሆኖም የመሬት ባለቤትነት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ስለሆነ፣ አንድ ሰው መሬትን በረጅም ይዞታ የግሉ ሊያደርግ አይችልም። በእንግሊዝ ግን መሬት የግል ንብረት ነው።

መዝገቡን አስቀድሞ ማየት

የመጀመሪያው ሥራ ከመንግሥት የመሬት መዝገብ ቤት ድረ ገጽ የራስንም የጎረቤትንም መዝገብና ፕላን ገዝቶ ማውጣት ነው። ቁራጩ መሬት በማንም ስም ያልተመዘገበ መሆኑ ከተጠረጠረ፣ SIM በተባለው ቅጽ የካርታ ፍለጋ ይጠየቃል። የዚህ መልስ ቀጥሎ የሚኬድበትን መንገድ ይወስናል። ያልተመዘገበ መሬት አሁንም የሚገዛው በአሮጌው ደንብ ነው፤ 12 ዓመት የያዘ ሰው ባለቤቱ የነበረውን ክስ የማቅረብ መብት በይርጋ ያስቀርበታል። የተመዘገበ መሬት ግን ከጥቅምት 13 ቀን 2003 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው አዲሱ የመሬት ምዝገባ ሕግ ይመራል። በዚህ ሕግ የዓመታት ብዛት ብቻውን ለማንም ባለቤትነት አያስገኝም፤ 10 ዓመት የያዘ ሰው የሚያገኘው የማመልከት መብትን ብቻ ነው።

ፕላኑ ሲነበብ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። በፕላኑ ላይ ያለው ቀይ መስመር፣ ድንበሩ በልዩ ሥርዓት ተለክቶ ካልተወሰነ በስተቀር፣ አጠቃላይ አቅጣጫን እንጂ ትክክለኛውን ወሰን አያሳይም። ስለዚህ አጥሩ ከመስመሩ በጥቂት ሳንቲ ሜትር ቢያልፍ፣ መሬቱ ገና ከመጀመሪያው የራስ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ጉዳይ የድንበር አተረጓጎም ጥያቄ እንጂ የረጅም ይዞታ ማመልከቻ አይደለም፤ ሁለቱን መቀላቀልም ገንዘብ ያስወጣል። የቆዩ የሽያጭ ውሎችንና የቤቱን የመጀመሪያ ፕላን የሚያነብ ቀያሽ ከጠበቃ በፊት ቢጠየቅ ይመረጣል።

ይዞታው ምን ዓይነት እንደነበረ መመርመር

ሕጉ የሚፈልገው ይዞታ ሦስት መልክ አለው። አንደኛው፣ መሬቱን በእውን መቆጣጠር ነው። አልፎ አልፎ መኪና ማቆም ወይም አንዳንዴ ዕቃ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ማጠር፣ በር አበጅቶ መቆለፍ ወይም ማልማት ግን ጠንካራ ምልክት ነው። ሁለተኛው፣ ባለቤቱን ጨምሮ ሌላውን ሁሉ ከመሬቱ የማግለል ሐሳብ ነው። ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ ማመልከቻን የሚያፈርሰው ፈቃድ ነው፤ ባለቤቱ «እኔ እስክፈልገው ተጠቀምበት» ብሎ ከነበረ፣ ይህ ውሰት ነውና ሃያ ዓመት ቢቆይ እንኳ አይቆጠርም።

የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ2002 የወሰነው የፓይ እና ግራሃም ክርክር ይህን ልዩነት በሚገባ ያሳያል። በርክሻየር ውስጥ የአንድ ኩባንያ የእርሻ መሬት የነበረውን ከ20 ሄክታር በላይ ቦታ የግራሃም ቤተሰብ በግጦሽ ስምምነት ይጠቀምበት ነበር። ስምምነቱ አብቅቶ ኩባንያው አዲስ ፈቃድ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ቤተሰቡ ያለማንም ከልካይ መጠቀሙን ቀጠለ፤ በመጨረሻም በአሮጌው የ12 ዓመት ደንብ አሸነፈ። ውጤቱን የወሰነው ስምምነቱ ያበቃበት ጊዜ ነበር፤ በፈቃድ የተጠቀሙባቸው ዓመታት ምንም አልጠቀሟቸውም። እንዲህ ያለው ውጤት ለተመዘገበ መሬት ባለቤት ከባድ ነው የሚለው ስሜት ለአዲሱ ሕግ መምጣት ምክንያት ከሆኑት አንዱ ነው።

አንድ ምሳሌ

ወይዘሮ ሰብለ የምንላት ሴት በ2014 በደቡብ ለንደን ቤት ገዛች እንበል። ከጓሮዋ ጫፍ ላይ 1.2 ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ በ2008 የቀድሞው ባለቤት ባቆመው አጥር ውስጥ ነው። በ2022 ጎረቤቷ ቤቱን ሊያሰፋ ሲያስለካ ቁራጩ በ1998 በስሙ የተመዘገበ መሆኑን አወቀ፤ አጥሩ እንዲነሳም ደብዳቤ ጻፈላት። ሰብለ አጥሩን አላነሳችም፤ ጎረቤቱም አልከሰሳትም። በ2025 ለማመልከት ተነሳች።

ደብዳቤው ምን ለወጠ? ማስጠንቀቂያ ብቻውን ይዞታን አያቋርጥም፤ ባለቤቱ መሬቱን በእጁ ካላስገባ ወይም ክስ ካልመሠረተ ዓመታቱ መቆጠራቸውን ይቀጥላሉ። ነገር ግን ሰብለ መሬቱ የእኔ ነው ብላ በቅንነት ማመን የምትችለው እስከ ደብዳቤው ድረስ ብቻ ነበር። ይህ ነጥብ ወደ ኋላ ወሳኝ ይሆናል። በተቃራኒው ጎረቤቱ «መሬቱ የእኔ ነው፤ ለጊዜው ግን ተጠቀሚበት» ብሎ ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ የሚጎዳት እርሱ ነበር፤ እርሷ ባትስማማ እንኳ ፈቃዱ ቆጠራውን ሊያቆመው ይችላል።

ማስረጃና ማመልከቻ

ማመልከቻው የሚቀርበው ADV1 በተባለው ቅጽ ነው። ከእርሱ ጋር የእውነተኛነት መግለጫ ወይም ቃለ መሐላ፣ እንዲሁም ቁራጩን በግልጽ የሚያሳይ ፕላን ይያያዛል። ለመግለጫው ST1 የተባለ ዝግጁ ቅጽ አለ፤ ማመልከቻው ከገባበት ቀን በፊት ከአንድ ወር በላይ የቆየ መግለጫ ተቀባይነት ስለሌለው፣ አስቀድሞ አስፈርሞ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ አይጠቅምም።

መግለጫው «ለረጅም ጊዜ ይዤዋለሁ» በሚል ጥቅል አነጋገር መሞላት የለበትም። አጥሩን ማን፣ መቼ እንዳቆመው፣ በምን እንደተሠራ፣ በሩ ወደየት እንደሚከፈት፣ ማን እንደሚጠግነው በየዓመቱ መተረክ ያስፈልጋል። ሰብለ ከ2014 በፊት ያሉትን ዓመታት ለማስቆጠር የቀድሞውን ባለቤት የጽሑፍ ምስክርነት ማግኘት አለባት፤ በሽያጭ የተተካ ሰው የቀደመውን ሰው ዓመታት ከራሱ ጋር መደመር ስለሚችል፣ ሰውየው ስለ 2008ቱ አጥር ቢመሰክር 17 ዓመት ይሞላል። ቀን ያላቸው ፎቶግራፎች፣ የአጥር ሠራተኛ ደረሰኝና የቆዩ የአየር ምስሎች ከሰው ትዝታ ይልቅ ይታመናሉ። የመዝገብ ቤቱ ቀያሽ ቦታውን ሊያይ ሊመጣም ይችላል።

ከማመልከቻው በኋላ

መዝገብ ቤቱ ማመልከቻው መሠረት ያለው መስሎ ከታየው፣ ለተመዘገበው ባለቤትና መሬቱን በመያዣ ለያዘው ባንክ ማስታወቂያ ይልካል። የመልስ ጊዜው 65 የሥራ ቀናት ነው፤ ይህም ወደ ሦስት ወር ይጠጋል። ማንም መልስ ካልሰጠ አመልካቹ በባለቤትነት ይመዘገባል። ይሁን እንጂ ዝምታ ሐሰትን እውነት አያደርግም፤ የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2011 በባክስተር እና ማኒየን ጉዳይ፣ ባለቤቱ በጊዜው ባለመመለሱ የተመዘገበ ሰው ለ10 ዓመታት በእውነት እንዳልያዘው ሲረጋገጥ መዝገቡ እንዲታረም ወስኗል።

ባለቤቱ መልስ የሚሰጠው NAP በተባለው ቅጽ ነው። በቅጹ መስማማት ይችላል፤ ይዞታው በጭራሽ አልነበረም ብሎ መቃወም ይችላል፤ ወይም ጉዳዩ በሕጉ ልዩ ሁኔታዎች ብቻ እንዲታይ ይጠይቃል። ይህ የመጨረሻው ምርጫ ከተደረገ ማመልከቻው ከሦስት ሁኔታዎች በአንዱ ካልገባ ይወድቃል። ሁለቱ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ አንደኛው ባለቤቱ በቃሉ ወይም በድርጊቱ አመልካቹን አሳምኖ ወጪ ያስወጣው እንደሆነ ነው፤ ሌላው አመልካቹ በሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ ዋጋውን ከፍሎ ስም ሳይዛወርለት በመቅረቱ፣ መብት ያለው እንደሆነ ነው። ለጎረቤታሞች የተሠራው ሦስተኛው ነው። መሬቱ ከአመልካቹ መሬት ጋር የሚዋሰን፣ ትክክለኛ ወሰኑ በልዩ ሥርዓት ያልተወሰነ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ተመዝግቦ የቆየ ሊሆን ይገባል፤ አመልካቹ ወይም ከእርሱ በፊት የነበረው ባለቤትም ቢያንስ ለ10 ዓመት መሬቱ የእኔ ነው ብሎ በቂ ምክንያት ባለው እምነት ያመነ መሆን አለበት።

ቀደም ሲል እነዚህ 10 ዓመታት እስከ ማመልከቻው ቀን ድረስ ሊዘልቁ ይገባል ተብሎ ይተረጎም ስለነበር፣ እውነቱን የሰማ ሰው ሳይውል ሳያድር ካላመለከተ ዕድሉን ያጣ ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በየካቲት 2025 በብራውን እና ሪድሊ ጉዳይ ይህን ለወጠው፤ 10 ዓመቱ በይዞታው ዘመን ውስጥ የትም ቢያርፍ ይበቃል አለ። ለሰብለ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ከ2008 እስከ 2022 ያለው የእርሷና የቀድሞው ባለቤት እምነት 14 ዓመት ስለሚሆን፣ ደብዳቤው ከደረሳት ሦስት ዓመት ማለፉ አያስቀርባትም። ተቃውሞው በስምምነት ካልተፈታ ጉዳዩ ወደ ንብረት ጉዳዮች ዳኝነት አካል ይላካል፤ የጠበቃው ወጪ ከ14 ካሬ ሜትር ጓሮ ዋጋ ሊበልጥ ስለሚችል፣ በእኔ አስተያየት እዚያ ከመድረስ በፊት ለጎረቤት ተገቢ ዋጋ ከፍሎ መግዛት ብዙ ጊዜ ይረክሳል።

ማመልከቻው የወደቀበት ሰውም ወዲያው አይለቅም። ባለቤቱ ለተጨማሪ ሁለት ዓመት ክስ ሳይመሠርት ወይም ሳያስለቅቅ ከቆየ፣ አመልካቹ እንደገና ሲያመለክት ተቃውሞ ቢነሳም ይመዘገባል። ስለዚህ ማመልከቻን ያሸነፈ ባለቤት ሥራው ገና አላለቀም።

ባዶ መኖሪያ ቤት ውስጥ ገብቶ መኖር ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ከመስከረም 2012 ጀምሮ በመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ያለ ፈቃድ ገብቶ መኖር እስከ ስድስት ወር የሚያሳስር ወንጀል ሆኗል። የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2015 ወንጀል መሆኑ ብቻውን ማመልከቻን እንደማያስቀር ወስኗል፤ ለእስራቱ ግን መከላከያ አይሆንም።

በእንግሊዝ ቤት ትተው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ዱባይ የሄዱ ባለቤቶች ከሌላው ወገን መጠንቀቅ ይኖርባቸዋል። 65ቱ ቀናት የሚቆጠሩት ማስታወቂያው በመዝገቡ ላይ ወዳለው አድራሻ ከተላከ በኋላ ነው፤ ተከራይ አንብቦ የጣለው ፖስታ ሰበብ ላይሆን ይችላል። መዝገብ ቤቱ እስከ ሦስት አድራሻ፣ ኢሜይልን ጨምሮ፣ ይመዘግባል። በተጨማሪ በመዝገቡ ላይ እንቅስቃሴ ሲኖር በኢሜይል የሚያስታውቅ ነጻ አገልግሎት አለው፤ አንድ ሰው እስከ 10 ንብረቶች መከታተል ይችላል።