ሌሊት ረዳት ለሌላቸው ወላጆች፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውን እንቅልፍ ለቤት ሥራ ማዋል

የሁለትና የሦስት ወር ሕፃን አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን እንቅልፍ የሚተኛው በመጀመሪያው የሌሊት ክፍል ነው። ጎንደር ውስጥ ብቻዋን የምታሳድግ አንዲት እናት ልጇ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ጠብቶ ተኛላት እንበል። ዕቃ አጥባ፣ የነገውን ሽሮ ሠርታ 4 ሰዓት ላይ ጋደም ትላለች። ሕፃኑ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ሲነቃ እሷ የተኛችው አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። አብራው ብትተኛ ሦስት ሰዓት ተኩል ታገኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕፃኑ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ስለሚነሳ ያመለጣት እንቅልፍ እስከ ንጋት አይመለስም። ስለዚህ ዕቃው ይደር፤ ወጡ በቀን ይሠራ። ልጁን ልያዝልሽ የምትል ጎረቤት ካለች ሰዓቱን ለዚያ ሥራ ያውሉት።

የማታ ቡናም ይህንኑ እንቅልፍ ይሰርቃል። የቡናው ኃይል ከአምስት ሰዓት ያህል በኋላም ግማሹ በሰውነት ውስጥ ስለሚቀር፣ ቡናውን በጠዋት ቢያፈሉት ይሻላል።

ድምፅ በሰሙ ቁጥር ማንሳት

ሕፃን ተኝቶም ያቃስታል፣ ይንጠራራል፣ ፊቱን ያጨማድዳል። ያን ጊዜ ካነሱት የሚቀሰቅሱት እርስዎ ነዎት። አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁ። ዓይኑን ገልጦ በአፉ ጡት መፈለግ ወይም እጁን መጥባት ከጀመረ ግን ርቦታልና ሳያለቅስ ያንሱት። መብራቱ ደብዛዛ ይሁን። ሽንት ጨርቁን የሚቀይሩት ዓይነ ምድር ካለው ወይም በጣም ከራሰ ብቻ ነው፤ አንዱን ጡት ጠብቶ ሲጨርስ ይቀይሩት፣ ሁለተኛውን እየጠባ መልሶ ይተኛል።

ሶፋ ላይ ተቀምጦ እያጠቡ ማሸለብ

ከሁሉም አደገኛው ይህ ነው። ብዙዎች አልጋ ላይ ላለመተኛት ብለው ሶፋ ላይ ይቀመጣሉ፤ ድካሙ ሲጥላቸው ሕፃኑ በሰውነታቸውና በመደገፊያው መካከል ይሸጎጥና ይታፈናል። እንደሚያንቀላፉ ከተሰማዎት ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ በጎንዎ ተኝተው ማጥባት ከሶፋው ይሻላል። ትራስና ጋቢ ከአጠገቡ ያንሱ፤ ጠብቶ ሲጨርስ በጀርባው ያስተኙት። ያለ ጊዜው ወይም ከ2.5 ኪሎ በታች ተወልዶ ከሆነ፣ ወይም እርስዎ ጠላ፣ አረቄ ወይም የሚያስተኛ መድኃኒት ከወሰዱ፣ ሲጋራም የሚያጨሱ ከሆነ፣ አብሮ መተኛት አይቻልም፤ ለብቻው ያስተኙት።

የጎንደር ሌሊት ይበርዳል። በጋቢ ከመሸፈን ይልቅ እርስዎ ከለበሱት አንድ ልብስ ጨምረው ያልብሱት። የከሰል ምድጃ ግን ከመኝታ ቤት ይውጣ፤ ጭስ ባይታይም ሽታ የሌለው ጋዙ ተኝቶ ያለን ሰው ሳያነቃ ይገድላል።