«ግፊትህ ወርዷል» ሲባል የምንሠራቸው ስህተቶች

ኮምቦልቻ ውስጥ ነርስ ነኝ። ግፊት ስለካ በየቀኑ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ።

አንደኛው ቁጥር ብቻ አይቶ መደንገጥ ነው። ከ90/60 በታች የሆነ ግፊት ዝቅተኛ ይባላል። ግን ዕድሜዋን ሙሉ 88/58 የምትለካ፣ የደሴን ዳገት ሳትቆም የምትወጣ ቀጭን ወጣት አለች። ካላዞራትና ካልደከማት ተፈጥሮዋ ነው፤ መድኃኒት አያስፈልጋትም። ሁልጊዜ 160 የሚለካ ሰው ግን ድንገት ወደ 105 ወርዶ ቢያልበው፣ ቁጥሩ ደህና ቢመስልም ሰውየው ደህና አይደለም።

ሁለተኛው ግፊት ማነስን ከደም ማነስ ጋር ማምታታት ነው። «ግፊቴ ወርዷል» ብሎ ቀይ ሥር የሚጨምቅ ብዙ ነው። ደም ማነስ በደም ምርመራ እንጂ ክንድ ላይ በሚታሰር መለኪያ አይታወቅም።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ተቀምጦ ብቻ መለካት ነው። አንዲት የ63 ዓመት እናት ለሱብሂ ሶላት ሲነሱ ወደቁ። ልጃቸው ደግፋ አመጣቻቸው። «ቤት ለክተናቸው 112/70 ነው፣ ምንም የለባቸውም» አለችኝ። አስተኝቼ ስለካቸው እውነትም 112/70 ነው። አቁሜ፣ 3 ደቂቃ ጠብቄ ደግሜ ለካሁ፤ 86/58! ስንቆም የላይኛው ቁጥር በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከወረደ ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

«እማ፣ ሰሞኑን ምን አመመዎት?» አልኳቸው።

«ተቅማጥ ነው ልጄ፤ ሦስት ቀኔ።»

«ኪኒኑንስ?»

«እሱን መቼ አቋርጬ!»

ለደም ብዛት የታዘዘላቸው የሚያሸና ኪኒን ነው። ተቅማጡ ውኃቸውን ጨረሰው፤ ኪኒኑ ደግሞ የቀረውን አስወጣው። ቤተሰቡ ጨው ያለበት ቡና ሲሰጣቸው ነበር፤ የጎደላቸውን ውኃ ግን አልተካላቸውም። ሐኪሙ ተቅማጡ እስኪቆም ኪኒኑን አስቆማቸው፤ አንድ ፓኬት ኦአርኤስ በ1 ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጠው ቀስ ብለው እንዲጠጡም አዘዘ። በአራተኛው ቀን ቆመው 118/74 ሆነ። ኪኒን በራስ ውሳኔ ማቋረጥም ስህተት ነውና እንዲህ ሲያጋጥም ሐኪም ይጠየቅ።

ሌላው ራሱን የሳተን ሰው ደግፎ ማቆም ወይም ውኃ አፉ ውስጥ ማፍሰስ ነው። አስተኙት፣ እግሩን ከፍ አድርጉ። ውኃ የሚሰጠው ሲነቃና በደንብ መዋጥ ሲችል ነው።

የመጨረሻው «ይተኛና ይለፍለት» ማለት ነው። ቆዳው ቀዝቅዞ ካላበው፣ ልቡ ከፈጠነ፣ ንግግሩ ከተዘበራረቀ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ ደረቱን ካመመው፣ ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ትኩሳት ካለው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ነፍሰ ጡር ሆና ሆዷን አጥብቆ ያመማት ወይም የደማችም እንዲሁ፤ ሌሊት ቢሆንም እስኪነጋ አትጠብቁ።