ባድሚንተን ላይ ክሊር፣ ድሮፕና ስማሽ ስንመታ የምንሳሳታቸው ነገሮች (ከራሴ ሽንፈት የተማርኩት)

ጅማ ክረምት ላይ ከሰአት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ውጭ ምንም መጫወት ስለማይቻል አዳራሽ ገብተን ባድሚንተን ነው። አንድ ቀን ከአንዲት ልጅ ጋር ሲንግል ገጠምን፣ ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ቢደርስ ነው፣ እኔ ደግሞ ከላይ ወደ ታች በኃይል የምመታውን ስማሼን የሚችለው የለም ብዬ የማስብ ሰው ነበርኩ። 21 ለ 11 ሸኘችኝ። ነጥብ የሚይዝልን አንድ ትንሽ ልጅ አለ፣ ለራሱ ጨዋታ ብሎ የኔን ስማሾች ካርቶን ላይ ለብቻ በጭረት ሲቆጥር ኖሮ ሲያልቅ አምጥቶ አሳየኝ። 17 ጊዜ መትቻለሁ። ነጥብ ያገኘሁት በ5ቱ ነው፣ 7ቱ ኔት ላይ ቀርተዋል ወይ ውጭ ወጥተዋል፣ 5ቱን ደግሞ እሷ መልሳቸው ነጥቡን ወስዳለች። ከ21 ነጥቧ 12ቱን በገዛ ስማሼ የሰጠኋት እኔ ነኝ ማለት ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ስህተት ይሄው ነው፣ ከፍ ብሎ የመጣን ነገር ሁሉ ስማሽ ማድረግ። ሻትል እንደ ኳስ አይደለም፣ ላባው አየሩን ስለሚይዘው ከራኬት ሲወጣ በጣም ፈጣን ሆኖ ወዲያው ፍጥነቱ ይሞታል። ከኋላ መስመር ላይ ቆማችሁ ስትመቱት ተጋጣሚያችሁ ጋ እስኪደርስ ደክሟል። እሷን ስጠይቃት «አንተ እኮ ከዛ ስትመታ እኔ ራኬቴን ማቆም ብቻ ነው የሚጠበቅብኝ» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ራኬቷን ነክቶ ብቻ ኔቱ ስር ጠብ ይላል፣ እኔ ደግሞ ዘልዬ መትቼ ገና እግሬ መሬት ሲነካ ወደ 6 ሜትር ወደፊት መሮጥ አለብኝ። ስማሽ መምታት ያለባችሁ ሻትሏ አጥራ የሜዳው መሀል አካባቢ ስትመጣላችሁ ወይም ተጋጣሚያችሁ ገና ከሌላ ቦታ እየተመለሰ ሚዛኑን ሳይዝ ስታገኙት ነው። (ደብል ላይ ሌላ ነው፣ ፊት የቆመ ጓደኛ ስላላችሁ የተመለሰውን እሱ ይጨርሰዋል። እኔ የማወራው ስለ ሲንግል ነው።)

ሁለተኛው አጭር ክሊር ነው፣ ክሊር ማለት ሻትሏን ከፍ አድርጎ ወደ ተጋጣሚ ኋላ መስመር መላክ ነው፣ እኛ አካባቢ በጣም የበዛው ስህተት ይሄ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ደግሞ ያስቃል። ጅማ ከባህር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ሳሳ ስለሚል ሻትሏን ብዙ አይዛትም፣ ስለዚህ ሩቅ ትሄዳለች። ሱቅ ሄደን ያገኘነውን የፕላስቲክ ሻትል ገዝተን እንመጣለን፣ ክሊር በመታን ቁጥር ውጭ፣ ውጭ፣ ውጭ። ሰው ታዲያ ምን ያደርጋል፣ እጁን ይሰበስባል፣ ቀስ ብሎ መምታት ይለምዳል። ከዛ በኋላ ዝግ ያለ ሻትል ብትሰጡትም ክሊሩ የሜዳው መሀል ላይ ነው የሚያርፈው፣ ያ ደግሞ ለተጋጣሚ በሳህን የቀረበ ስማሽ ነው።

እጃችሁን ከማሳጠር ሻትሏን ቀይሩ። በፕላስቲኮቹ ቡሽ ዙሪያ ቀለበት አለ፣ አረንጓዴው ዝግ ያለ፣ ሰማያዊው መካከለኛ፣ ቀዩ ፈጣን ነው። እንደኛ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አረንጓዴው ይሻላል። መፈተን ከፈለጋችሁ ከአንዱ ኋላ መስመር ላይ ቆማችሁ ከታች ወደ ላይ በሙሉ ጉልበት ቀጥ አድርጋችሁ ምቷት፣ ከወዲያኛው ኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሳንቲሜትር ድረስ ቀድማ ካረፈች ልክ ናት፣ መስመሩን ካለፈች ለቦታው ፈጥናለች።

የክሊር ስራው ሰውየውን ኔቱን ረስቶ ወደኋላ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ከኔት እስከ ኋላ መስመር 6.70 ሜትር ነው፣ ክሊራችሁ 5 ሜትር ላይ ከወደቀ እሱ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ይመታችኋል፣ መስመሩ ጋ ከወደቀ ግን ሰውነቱ በሙሉ ወደኋላ ይሄዳል፣ ፊት ለፊቱም ባዶ ይሆናል። ኔቱን እንዳለፈች ወዲያው እንድትወርድ በቀስታ የምትመቱት ድሮፕ ትርጉም የሚኖረው ያኔ ነው።

ሦስተኛው እንግዲህ ድሮፑ ነው። ብዙ ሰው ድሮፕ ሊያደርግ ሲል ገና ከሩቅ ያስታውቃል፣ ክንዱ ይዘገያል፣ ክርኑ ይወርዳል፣ ሻትሏን የሚያሻሽ ይመስላል። ለክሊርም ለስማሽም ለድሮፕም ዝግጅቱ አንድ መሆን አለበት፣ ጎን ዞራችሁ፣ ክርን ከፍ ብሎ፣ ክንድ በፍጥነት ወጥቶ፣ ለድሮፕ ልክ ሲነካ ብቻ ጉልበቱን ትቀንሳላችሁ። ሌላው ደግሞ ተጋጣሚው መሀል ላይ ተረጋግቶ ቆሞ እያለ ድሮፕ ማድረግ ነው፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ኔቱ ላይ ይገድላታል።

ልጅቷ እኔን ያደረገችኝን በደንብ ላሳያችሁ። እኔ ቀኝ እጅ ነኝ። መጀመሪያ ክሊር ወደ ግራ ኋላ ጥጌ፣ ባክሃንዴ ደካማ መሆኑን አይታለች። እዛ ተጎትቼ ሄጄ ሌላ አማራጭ ስላልነበረኝ ቀጥታ ክሊር መለስኩ፣ እሱ እሷን በቀኟ በኩል ኋላ ላይ አገኛት። ክንዷ ልክ እንደ ቅድሙ ወጣ፣ ሌላ ክሊር ነው ብዬ ወደኋላ ዘንበል ስል ሻትሏ ተሻግራ ቀኝ ፊት ጥግ ላይ ወረደች። ከግራ ኋላ እስከ ቀኝ ፊት በሰያፍ ቢለካ ስምንት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፣ ሲንግል ሜዳ ላይ ከዚህ የሚረዝም ሩጫ የለም። ደረስኩ፣ ግን የደረስኩት ሻትሏ ጉልበቴ አካባቢ ወርዳ ነው፣ ከዛ ቦታ ላይ ማንሳት እንጂ ሌላ ምንም ማድረግ አይቻልም፣ ያነሳኋትም አጥራ መሀል ላይ ቀረች። ያኔ ነው ስማሽ የመታችው። ጠንካራም አልነበረም እኮ፣ በቀኝ ዳሌዬ በኩል አለፈ፣ እኔ የዘረጋሁትን እግር ገና እየሰበሰብኩ ነበር።

አንዴ ደግሞ በደንብ ከፍና ሩቅ አድርጌ አነሳሁላት፣ ኋላ መስመር ድረስ። እኔ ብሆን በንዴት ስማሽ እመታ ነበር። እሷ ዝም ብላ ክሊር መለሰችና ያንኑ ነገር ሀ ብላ ጀመረችው።

የመጨረሻው፣ ባጭሩ፣ የራስን ቦታ መርሳት ነው። ዘግይታችሁ ጥግ ላይ ተጨናንቃችሁ ስትደርሱ ተሻጋሪ፣ ማለትም በሰያፍ ወደ ሌላኛው ጎን፣ አትምቱ። ተሻጋሪ ከመታችሁ የሚመለሰው ከናንተ በጣም ሩቅ የሆነው ጎን ላይ ነው፣ እናንተ ደግሞ ገና ጥግ ላይ ናችሁ። ቀጥታ ከፍ ያለ ክሊር ምቱ፣ አየር ላይ እያለች ወደ መሀል ትመለሳላችሁ። ተሻጋሪው እግራችሁ ቀድሞ ለደረሰበት ጊዜ ይቆይ።

አሁን ከልጅቷ ጋር የምንለማመደው እንዲህ ነው፣ ከኋላ መስመር 1 ሜትር ገባ ብለን በጠመኔ መስመር እንስላለን፣ ስማሽ ክልክል፣ ክሊር ከጠመኔው ቀድሞ ካረፈ ነጥቡ የተጋጣሚ፣ እስከ 11። መጀመሪያ ቀን 11 ለ 3 በላችኝ፣ ባለፈው ሳምንት 11 ለ 9፣ እሱም ሁለቴ ስማሽ አምልጦኝ ነው።