እሳተ ገሞራ ምድርን ሲያቀዘቅዝ፦ ብዙዎቻችን የምንስታቸው ነገሮች

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ ሃይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ የመንና ኦማን ደረሰ፣ ከዚያም አልፎ ሕንድ ሰማይ ላይ ታየ። እንዲህ ያለ ዜና በተሰማ ቁጥር አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ "እና አሁን ዓለም ሊቀዘቅዝ ነው?" ጥያቄው የዋዛ አይደለም። አንዳንድ እሳተ ገሞራዎች እውነትም መላውን ምድር ለአንድና ለሁለት ዓመት ያቀዘቅዛሉ። ችግሩ መልሱ ላይ ነው። እዚያ ላይ ስንደርስ ብዙ ነገር እናምታታለን።

አመዱን ተጠያቂ ማድረግ

በፎቶ የሚታየው አመድ ስለሆነ፣ ፀሐይን የሚጋርደውም እሱ ይመስለናል። ነገር ግን አመድ የደቀቀ ድንጋይና መስታወት ነው። ይከብዳል። አብዛኛው በቀናት፣ ቢበዛ በሳምንታት ውስጥ መሬት ላይ ይወርዳል። ዋናው ባለጉዳይ በዓይን የማይታየው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው።

በደንብ የተለካውን ምሳሌ እንውሰድ። ሰኔ 8 ቀን 1983 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሰኔ 15 ቀን 1991) ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ የተባለው ተራራ ፈነዳ። አዲስ አበባ መንግሥት ከተለወጠ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር፤ ስለዚህ እኛ አገር ብዙ ሰው ልብ ባይለው አይገርምም። ተራራው ከ15 እስከ 20 ሚሊዮን ቶን የሚገመት ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ አጎነው። ጋዙ በሦስት ሳምንት ገደማ ምድርን ዞራት።

ጋዙ ግን ብቻውን አያቀዘቅዝም። ላይ ከአየሩና እዚያ ካለው ጥቂት እርጥበት ጋር እየተዋሐደ የሰልፈሪክ አሲድ ጠብታ ይሆናል። ይህ ሳምንታት ይፈጃል። ጠብታዎቹ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ ሺኛ እንኳ አይሞሉም። ይህ መጠን የፀሐይን ብርሃን ወደ ጠፈር ለመመለስ ይመቻል፤ ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ግን ያን ያህል አይዝም። ፀሐይ ላይ ስስ ነጠላ እንደመጣል ነው፦ ቀኑ አይጨልምም፣ የሚደርሰው ሙቀት ግን ይቀንሳል።

ፍንዳታው እ.ኤ.አ. በ1991 ሆኖ ቅዝቃዜው ጎልቶ የታየው በ1992 የሆነው ለዚህ ነው። የምድር አማካይ ሙቀት በግማሽ ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ወረደ። ኅዳር መጨረሻ 1985 ዓ.ም. በነበረው የጨረቃ ግርዶሽ ደግሞ ጨረቃዋ ከተለመደው እጅግ ጠቁራ ታየች። በግርዶሽ ጊዜ ጨረቃን የሚያቀላው በምድር ከባቢ አየር ውስጥ አልፎ የሚሄደው ብርሃን ነው። ከፍንዳታው ዓመት ተኩል ቢያልፍም ያንን ብርሃን የሚያግደው ጭጋግ ገና እላይ ነበር።

በፍንዳታው ትልቅነት መገመት

ይህኛው ስህተት አዋቂውንም ይሸውዳል። ዜና ላይ የሚጠቀሰው የፍንዳታ ደረጃ የሚለካው ተራራው ምን ያህል ድንጋይና አመድ እንደተፋ ነው። ስለ ጋዙ የሚናገረው ነገር የለም።

አሜሪካ ያለው ሴንት ሄለንስ እ.ኤ.አ. በ1980 ፈነዳ። ሜክሲኮ ያለው ኤል ቺቾን ደግሞ በ1982። ሁለቱም በደረጃው 5 ተሰጥቷቸዋል። ሴንት ሄለንስ የተራራው ጎን ተንዶ ፍንዳታው ወደ ጎን ስለወጣ በቴሌቪዥን ዓለም ጉድ ብሏል። ግን የለቀቀው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ 1 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ስለነበር የዓለም ሙቀት ላይ ይህ ነው የሚባል ነገር አላሳየም። ብዙም ያልተወራለት ኤል ቺቾን 7 ሚሊዮን ቶን ያህል ለቀቀ። የኤል ቺቾን ቅላጭ አለት ድኝ፣ ማለትም ሰልፈር፣ የበዛበት ነበር። ከወጣው ድንጋይ ውስጥ ድኝ ያዘለ፣ የጄሶ ዘመድ የሆነ ማዕድን ክሪስታል ተገኝቷል። ስለዚህ የተራራው ጩኸት ሳይሆን ሆዱ ውስጥ የያዘው ነው ወሳኙ።

እ.ኤ.አ. በጥር 2022 ቶንጋ አጠገብ ከባሕር ሥር የፈነዳው ደግሞ ከሁሉም ይለያል። ደመናው ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ወጣ፤ በሳተላይት ዘመን እንዲህ ከፍ ያለ ታይቶ አይታወቅም። ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ግን ግማሽ ሚሊዮን ቶን ቢሆን ነው። ይዞ የወጣው በብዛት የውሃ ተን ነበር። ማቀዝቀዙም እዚህ ግባ የሚባል አልሆነም።

ከፍታውን መርሳት

ደመናና ዝናብ ያለበት ታችኛው አየር ውስጥ የገባ ድኝ ብዙ አይቆይም፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ታጥቦ ይወርዳል። ከዚያ በላይ ያለው ስትራቶስፌር ግን ዝናብ የለውም። እዚያ የደረሰ ጠብታ ዓመትና ከዚያ በላይ ይንሳፈፋል። በእኛ አካባቢ ይህ ድንበር ከ16 እስከ 17 ኪሎ ሜትር ላይ ነው፤ ወደ ዋልታዎቹ ሲኬድ ዝቅ ይላል።

አሁን ወደ ሃይሊ ጉቢ እንመለስ። ደመናው ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደወጣ ነው የተዘገበው። የጋዙም መጠን ከፒናቱቦ ጋር አይወዳደርም። ለአውሮፕላኖች ራስ ምታት ነበር፣ አፍዴራ አካባቢ ላለው አርብቶ አደርና ለግጦሹም እንዲሁ። የዓለምን ሙቀት ግን አይነካም። ኤርታሌም ስንት ዓመት ሲንተከተክ ቢኖር ጋዙ እታች ስለሚቀር ውጤቱ ያው ነው።

"እንግዲያው የዓለም ሙቀት መጨመር ተፈታ" ማለት

አልተፈታም። ጠብታዎቹ ቀስ በቀስ ይወርዳሉ። የፒናቱቦ ቅዝቃዜ በሁለት በሦስት ዓመት ጠፍቷል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ግን በዚያ ሁሉ ጊዜ መከማቸቱን አላቆመም።

ቴርሞሜትር ብቻ ማየት

ግማሽ ዲግሪ ሲባል ሰው "ይቺማ ምናላት" ይላል። አማካይ ቁጥር ግን ብዙ ይደብቃል። ከፒናቱቦ በኋላ በነበረው ክረምታቸው ሰሜን አውሮፓ ጭራሽ ከወትሮው ሞቅ ብሎ ነበር፤ የነፋሱ አካሄድ ስለተለወጠ። ለእኛ ዋናው ጉዳይ ግን ዝናብ ነው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የተባለው ስንጥቅ ተከፍቶ ለስምንት ወር ሲተፋ ቆየ። ወደ 120 ሚሊዮን ቶን ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወጣ። አይስላንድ ከሕዝቧ አምስተኛውን ያህል አጣች። ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ርቃ ያለችው ግብፅ ደግሞ በዚያው ዓመትና በተከታዩ የናይል ሙላት ቀንሶባት ረሃብ ገባ።

ተመራማሪዎች ሁለቱን በኮምፒውተር ሞዴል ሲያገናኙ ነገሩ እንዲህ ሆነ። ጭጋጉ የተከማቸው በሰሜኑ የምድር ክፍል ነው። ሰሜኑ ሲቀዘቅዝ በበጋቸው የብሱ እንደወትሮው አይግልም። የብሱ ካልጋለ ደግሞ እርጥብ ነፋሱን ከባሕር የሚስበው ኃይል ይደክማል። የዝናቡም ቀበቶ ወደ ሰሜን መውጣቱን ይቀንሳል። ያ ቀበቶ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚደርሰው የእኛ ደጋ ላይ ነው። ግብፅ የሚደርሰው የናይል ሙላት አብዛኛው ደግሞ ከዚሁ የክረምት ዝናብ በዓባይ በኩል የሚወርድ ነው። ስለዚህ ወደፊት ሰሜን ላይ አንድ ትልቅ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ብዙ ድኝ ሽቅብ ከላከ፣ እዚህ መታየት ያለበት ብርዱ ሳይሆን የሚመጣው ክረምት ዝናብ ነው።