ሱቅ ላይ በኪውአር ኮድ ሲከፍሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደብረ ብርሃን ውስጥ ብርድ ልብስ የሚሸጥ አንድ ሱቅ እንውሰድ። የአንዱ ዋጋ 1,850 ብር ነው እንበል። ባንኮኒው ላይ ኪውአር ኮድ የታተመበት ወረቀት ተለጥፏል። ይህ ቋሚ ኮድ ይባላል፤ በውስጡ የሱቁ መለያ እንጂ ዋጋ የለበትም። ገዢው የቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያውን ከፍቶ ስካን ያደርጋል፣ የተቀባዩ ስም ይመጣለታል፣ ብሩን ራሱ ይጽፋል፣ በሚስጥር ቁጥሩ ያጸድቃል። ካሸሩ ለእያንዳንዱ ሂሳብ ስክሪን ላይ የሚያወጣው ተለዋዋጭ ኮድ ግን ብሩንም ይዞ ይመጣል። አብዛኛው ስህተት የሚፈጠረው በቋሚው ላይ ስለሆነ እሱን እንከተል።

ወረቀቱ ላይ የታተመውን ስም ማመን

ከኮዱ በላይ የተጻፈው የሱቅ ስም ቀለም ብቻ ነው። ገንዘቡ የት እንደሚሄድ የሚወስነው ኮዱ ነው፤ ሌላ ሰው የራሱን ኮድ አትሞ ከላይ ቢለጥፍበት ወረቀቱ ያው ሱቅ ይመስላል። ስለዚህ ስካን ካደረጉ በኋላ ስክሪኑ ላይ የሚመጣውን ስም ያንብቡ። ከሱቁ ማስታወቂያ ጋር ባይመሳሰል ወዲያው ሌባ ነው ማለት አይደለም፤ የተመዘገበው በንግድ ፈቃዱ ስም ወይም በባለቤቱ ስም ሊሆን ይችላል። አጠያየቁ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። «ይሄ ስም ነው?» ብለው ስልኩን ካሳዩት፣ ሥራ የበዛበት ባለሱቅ ሳያይ «አዎ» ይላል። «ጋሼ፣ በማን ስም ነው የሚመጣው?» ብለው መጀመሪያ እሱን ያስነግሩት። ባለሱቁም ጠዋት ሲከፍት የወረቀቱን ጠርዝ በጥፍሩ ይሞክር፤ ድርብ ከሆነ ይነሳል።

በስልኩ ተራ ካሜራ ስካን አድርጎ የመጣውን ሊንክ መክፈትም ስህተት ነው። የሚስጥር ቁጥር የሚጠይቅ ድረ ገጽ ከተከፈተ ዝጉትና በመክፈያ መተግበሪያው ውስጥ ባለው ስካን ይሞክሩ።

ብሩን ሳያነቡ ማጽደቅ

1,850 ለመጻፍ አስቦ 18,500 መጻፍ አንዲት ዜሮ ብቻ ነው የምትፈጀው። የሚስጥር ቁጥሩን ከማስገባትዎ በፊት ስሙን፣ ብሩን፣ የአገልግሎት ክፍያ ካለ እሱን፣ ከአንድ በላይ ሂሳብ ካለዎት ደግሞ ገንዘቡ ከየትኛው እንደሚወጣ ይዩ። ከጸደቀ በኋላ መተግበሪያው ውስጥ «መልስልኝ» የሚል ቁልፍ አይጠብቁ፤ ባለሱቁ ራሱ መልሶ ካልላከ ጉዳዩ ወደ ባንኩ አቤቱታ ይሄዳል።

ኔትወርክ ሲቆም ደግሞ መክፈል

ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ገዢዋ አጽድቃለች፣ ስክሪኑ እየዞረ ቀረ። ባለሱቁ «እትዬ፣ አልገባም» ይላል። በዚህ ጊዜ ደግሞ መላክ ሁለት ጊዜ መክፈል ሊሆን ይችላል። ከመክፈሏ በፊት ሂሳቧ 5,200 ብር ከነበረና አሁን 3,350 ካሳየ ብሩ ወጥቷል። 5,200 እንዳለ ከሆነ የግብይት ዝርዝሩን ትክፈት፤ «በሂደት ላይ» የሚል ካለ ገና አልተቋረጠም፣ ሊወጣ ይችላል። ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ወይም «አልተሳካም» ካለ ብቻ እንደገና ትሞክር።

ከአንዱ ባንክ ወደ ሌላው ሲሆን መልእክቱ በመሃል በሚያገናኘው ሥርዓት ያልፋል። ስለዚህ ከገዢዋ ወጥቶ ለሻጩ ሳይገባለት የሚዘገይበት ጊዜ አለ። የሚያስፈልገው የግብይት ቁጥሩ ነው፤ ባንኩ ገንዘቡን የሚፈልገው በእሱ ነው። ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡት።

ባለሱቁ የገዢውን ስልክ አይቶ ዕቃ መስጠቱ

«ተሳክቷል» የሚል ስክሪን ፎቶ ሊሆን ይችላል፣ የትናንት ደረሰኝም ሊሆን ይችላል። ማረጋገጫው የሻጩ የራሱ ስልክ ነው። የቴሌብር መልእክት 127 በሚል ላኪ ነው የሚመጣው፤ ከተራ 09 ወይም 07 ቁጥር «ብር ገብቶልዎታል» የሚል ከመጣ ሐሰት ነው። መልእክት ቢመጣም ባይመጣም የሂሳቡን ቀሪ በመተግበሪያው ማየት ይሻላል። ባለቤቱ ደብረ ሲና ሆኖ ሱቁን ተቀጣሪ ከያዘው፣ ስልክ ተደውሎ «ገባ?» ብቻ አይባል። ብሩና የግብይት ቁጥሩ የመጨረሻ ፊደላት ይነበቡ፤ ሌላ ደንበኛም 1,850 ልኮ ሊሆን ይችላልና።

ደረሰኝ ላይ ሰዓትና ቀን ማየትም ብዙዎችን ያሳስታል። መተግበሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት ይጽፋሉ። ከቀኑ 9:20 ላይ የተከፈለ ሂሳብ 15:20 ብሎ ይመጣል። በዚያው ሰዓት 09:20 የሚል ደረሰኝ ካሳዩዎት ግን የተከፈለው ከጠዋቱ 3:20 ላይ ነው፤ ስድስት ሰዓት ያለፈው የሌላ ግዢ ማለት ነው።